ሥራ አስኪያጇ ያልሰሙት ድርድር

አዲስ አበባ ያለ ቡና ላኪ ሦስት ኮንቴይነር የሲዳማ ቡና ለሐምቡርግ ገዢ ለመሸጥ በስልክ ሲደራደር ነገሩ ተካርሮ፣ ድምፅም ከፍ ብሎ ነበር እንበል። ሥራ አስኪያጇ በዚያ ሰዓት በረራ ላይ ናቸው። የሽያጭ ኃላፊው ስልኩ እንደተዘጋ፣ «ከባድ ነበር፤ በአብዛኛው ተግባብተናል፤ የቀረው ዋጋ ብቻ ነው» ብሎ ይጽፍላቸዋል። እርሳቸውም «እሺ» ብለው ቢመልሱ ምን እንዳጸደቁ በትክክል አያውቁም።

ደህና መልእክት ከእርሳቸው በሚፈለገው ውሳኔና በቀነ ገደቡ ይጀምራል። ሰዓቱም መብራራት አለበት፤ ገዢው «ነገ ጠዋት አሥር ሰዓት» ያለው በሐምቡርግ የበጋ ሰዓት ከሆነ እኛ ዘንድ ከጠዋቱ 5 ሰዓት ነው። እዚህ ላይ የተሳሳተ ላኪ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ሲደውል ቡናው ከሌላ ተገዝቶ ሊያገኘው ይችላል።

ቀጥሎ ልዩነቱ ይጻፋል፤ የሁለቱም ወገን ቁጥር ሳይጎድል። «ዋጋ፦ አልተስማማንም። እኛ በፓውንድ 3.45 ዶላር፣ እነሱ 3.30።» አሥራ አምስት ሳንቲም ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን አንድ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቢይዝ፣ ሦስቱ 57,600 ኪሎ፣ ማለትም ወደ 127,000 ፓውንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ክርክሩ በ19,000 ዶላር ገደማ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጇ የሚወስኑት ይህንን አይተው ነው።

ከሁሉ የሚያሳስተው «ተስማምተናል» የሚለው ክፍል ነው። መጠኑንና ጭነቱ ጅቡቲ ወደብ ላይ እንደሚረከብ ሁለቱም በግልጽ «አዎ» ብለዋል፤ ይህ ስምምነት ነው። ቡናው በሐምሌ እንዲጫን ግን ገዢው የተቀበለው «ናሙናው ካለፈ» ብሎ ነው፤ ቅድመ ሁኔታው ካልተጻፈ ስምምነቱ ሌላ ይሆናል። በክፍያ ረገድ ደግሞ ላኪው ሰነዱ በባንክ በኩል ገንዘቡ ሲከፈል እንዲሰጥ ሲጠይቅ፣ ገዢው መልስ ሳይሰጥ ወደ ዋጋው ተመለሰ። ብዙ ሠራተኛ ይህን ዝምታ እንደ እሺታ ይጽፈዋል። ትክክለኛው አጻጻፍ «አነሳን፤ አልመለሱም» የሚል ነው።

የቁጣው ነገርስ? «ገዢው ተናደደ» ማለት ብዙም አይረዳም። «ከ3.30 በላይ ከሆነ ከሌላ እንገዛለን» ብሎ ከሆነ ግን ቃሉ እንዳለ ይቀመጥ፤ ማስፈራሪያው የምር መሆን አለመሆኑን ገዢውን የሚያውቁት ሥራ አስኪያጇ ይመዝኑታል። የጸሐፊው ግምት፣ ለምሳሌ «3.38 ላይ የሚገናኙን ይመስለኛል» የሚለው፣ ግምት መሆኑ ተገልጾ ለብቻው ይጻፋል።

ለገዢው የሚላከው ማረጋገጫ ደግሞ ከዚህ መልእክት ተለይቶ አዲስ መጻፍ አለበት። የውስጡን መልእክት እንዳለ ማስተላለፍ ያቺን 3.38 ለተደራዳሪው አሳልፎ መስጠት ነው፤ ከዚያ በኋላ 3.45 ብሎ የሚያምነው የለም።