በአሥራዎቹ ዕድሜ ባሉ ወንዶች ላይ የሚከሰት ድንገተኛ የዘር ፍሬ ሕመም፦ ለምን በሰዓታት ውስጥ መታከም አለበት?

በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ወንድ ልጅ በአንዱ የዘር ፍሬው (ቆለጡ) ላይ በድንገት ከባድ ሕመም ከተሰማው፣ ሌላ ምክንያት በሐኪም እስኪረጋገጥ ድረስ የዘር ፍሬ መጠምዘዝ እንደደረሰበት ተቆጥሮ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ሊወሰድ ይገባል። ይህ ችግር በዕረፍት፣ በሕመም ማስታገሻም ሆነ በአንቲባዮቲክ አይድንም። ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው፤ የዘር ፍሬው መትረፍ አለመትረፉ የሚወሰነውም በዋናነት ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ባለፈው ጊዜ ነው።

የዘር ፍሬ መጠምዘዝ ምንድን ነው?

እያንዳንዱ የዘር ፍሬ በከረጢቱ ውስጥ የሚንጠለጠለው ከሆድ በኩል በሚወርድ ገመድ መሰል የሰውነት ክፍል ነው። ወደ ዘር ፍሬው ደም የሚያደርሱትና ከዘር ፍሬው ደም የሚመልሱት የደም ሥሮች በዚሁ ገመድ ውስጥ ያልፋሉ። በአብዛኞቹ ወንዶች የዘር ፍሬው ከከረጢቱ ግድግዳ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በራሱ ዙሪያ ሊዞር አይችልም። አንዳንዶች ግን ይህ ማያያዣ ሳይኖራቸው ስለሚወለዱ የዘር ፍሬያቸው በገመዱ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይገኛል። በጉርምስና ወቅት የዘር ፍሬው በፍጥነት አድጎ ሲከብድ የመዞር ዕድሉ ይጨምራል።

የዘር ፍሬው ሲዞር ገመዱም አብሮ ይጠመዘዛል። በመጀመሪያ የሚዘጉት ደም የሚመልሱት ሥሮች ናቸው፤ የገባው ደም መውጫ ስለሚያጣ የዘር ፍሬው ያብጣል። ቀጥሎ ደም የሚያደርሰው ሥር ይዘጋና የዘር ፍሬው ኦክስጅን ያጣል። ይህ በእንቅልፍ ላይ፣ በስፖርት ጊዜ ወይም ያለ አንዳች ምክንያት ሊከሰት ይችላል። ከግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚመጣ በሽታ አይደለም፤ በልጁ ጥፋትም የሚመጣ አይደለም።

የስድስት ሰዓት ጉዳይ

ገመዱ በስድስት ሰዓት ውስጥ ከተፈታ አብዛኛውን ጊዜ የዘር ፍሬው ይተርፋል። ከዚያ በኋላ ዕድሉ በየሰዓቱ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሃያ አራት ሰዓት ካለፈ የሚተርፈው ጥቂት ነው።

አንድ የ14 ዓመት ልጅ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በከባድ ሕመም ከእንቅልፉ ነቃ እንበል። ያስመልሰዋል፤ ታችኛውን ሆዱንም ያመዋል። እውነቱን መናገር ስላፈረ ለእናቱ «ሆዴን ነው ያመመኝ» ይላታል። ምግብ እንዳልተስማማው ተቆጥሮ እስኪነጋ ይጠበቃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሕመሙ የት እንደሆነ ለአባቱ ሲነግር አራት ሰዓት አልፏል። 2 ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያ ሲደርስ አምስት ሰዓት ሞልቷል፤ የቀረው አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በተራ ጥበቃ ቢቆይ ወይም ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት ወደ ቤቱ ቢመለስ የዘር ፍሬውን ሊያጣ ይችላል። ይኸው ልጅ ሌሊቱን ተናግሮ 11 ሰዓት ላይ ሆስፒታል ደርሶ ቢሆን ኖሮ ያለፈው ጊዜ ሁለት ሰዓት ብቻ በሆነ ነበር።

በዚህም ምክንያት በዚህ ዕድሜ የሚገኝ ልጅ በድንገት ሆዱን ሲያመውና ሲያስመልሰው፣ የዘር ፍሬውን ያመው እንደሆነ በግልና በእርጋታ መጠየቅ ያስፈልጋል። ስድስት ሰዓት አልፏል ብሎ መቅረት ግን ስሕተት ነው። ገመዱ ሙሉ በሙሉ ካልተጠመዘዘ የዘር ፍሬው ረዘም ላለ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል ዘግይቶም ቢሆን መሄድ ይገባል።

ከኢንፌክሽን በምን ይለያል?

የዘር ፍሬ መጠምዘዝ በደቂቃዎች ውስጥ የሚጀምር ከባድ ሕመም ነው። ብዙ ጊዜ ማቅለሽለሽና ማስመለስ አብረውት ይመጣሉ። የታመመው የዘር ፍሬ ከሌላው ከፍ ብሎ ወይም አግድም ዞሮ ሊታይ ይችላል።

ኢንፌክሽን ሲሆን ግን ሕመሙ በአብዛኛው ቀስ በቀስ፣ በአንድ ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ እየጨመረ ይመጣል። ሲጀምር ሕመሙ ከዘር ፍሬው በስተጀርባ ባለው ቱቦ ላይ ያተኩራል። ትኩሳት፣ ሽንት ሲሸኑ ማቃጠል ወይም ከብልት የሚወጣ ፈሳሽ ሊኖር ይችላል። ግብረ ሥጋ ግንኙነት በጀመሩ ወጣቶች ላይ ጨብጥና ክላሚዲያ የተለመዱ መንስኤዎች ናቸው። ጆሮ ደግፍም ጉንጭ ካበጠ ከጥቂት ቀናት በኋላ የዘር ፍሬን ሊያሳብጥ ይችላል።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ምልክቶች ብቻ በቤት ውስጥ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በመጠምዘዝም መጠነኛ ትኩሳት ሊኖር ይችላል። የዘር ፍሬውን ከፍ አድርጎ መያዝ ሕመሙን ቢያቀልለትም መጠምዘዝ አለመሆኑን አያረጋግጥም። ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሕመሙ መቀነሱም የመዳን ምልክት ላይሆን ይችላል፤ የዘር ፍሬው እየሞተ ሲሄድ ስሜቱም ይደክማል። የጭኑ የውስጥ ክፍል በቀስታ ሲዳሰስ የዘር ፍሬው ወደ ላይ መሳብ አለመሳቡን ሐኪሙ ይመረምራል፤ አለመሳቡ መጠምዘዝን ያጠራጥራል። የደም ዝውውርን የሚያሳይ አልትራሳውንድም ይረዳል። ነገር ግን ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ወይም መሣሪያው በቅርብ ከሌለ ሐኪሙ ሳይጠብቅ ወደ ቀዶ ሕክምና ሊያስገባው ይችላል። ከረጢቱን ከፍቶ መጠምዘዝ አለመኖሩን ማየት የሚያስከትለው ጉዳት፣ በመጠበቅ የዘር ፍሬን ከማጣት ያነሰ ነው።

በሆስፒታል ምን ይደረጋል?

ልጁ በማደንዘዣ ሆኖ በከረጢቱ ላይ አነስተኛ ቀዳዳ ይከፈታል፤ ገመዱ ተፈትቶ የዘር ፍሬው ቀለም መመለሱ ይታያል። ከተረፈ ዳግም እንዳይዞር በስፌት ይያያዛል። ማያያዣው በሁለቱም በኩል የመጓደል ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ጤነኛውም የዘር ፍሬ አብሮ ይሰፋል። የሞተ የዘር ፍሬ ይወገዳል። አንድ ጤነኛ የዘር ፍሬ የቀረው ወንድ በአብዛኛው መደበኛ ጉርምስና ይኖረዋል፤ ልጅም መውለድ ይችላል።

ምን ማድረግ ይገባል?

• ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት ይያዙ፤ ለሐኪሙም በመጀመሪያ ይህንኑ ይንገሩ።

• ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል የድንገተኛ ክፍል በቀጥታ ይሂዱ። በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ብቻ ከሆነ «የዘር ፍሬ ድንገተኛ ሕመም ነው» ብለው አስቸኳይ ሪፈር ይጠይቁ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን አምቡላንስ በ907 መጥራት ይቻላል።

• ማደንዘዣ ሊሰጠው ስለሚችል ልጁ ምግብም ሆነ መጠጥ እንዳይወስድ ያድርጉ።

• የዘር ፍሬውን በቤት ውስጥ ለማዞር ወይም ለማሸት አይሞክሩ፤ የተሳሳተ አቅጣጫ መጠምዘዙን ያብሰዋል።

• ለቀዶ ሕክምናው ፈቃድ ስለሚጠየቅ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አብሮ ይሂድ።

ሕመሙ በድንገት መጥቶ በራሱ ቢጠፋም ጉዳዩ አላበቃም። የዘር ፍሬው ተጠምዞ በራሱ ተመልሶ ሊሆን ስለሚችልና ዳግም ሊጠመዘዝ ስለሚችል፣ ልጁ በዚያው ዕለት በሐኪም መታየት አለበት። በኳስ ወይም በእርግጫ ከተመታ በኋላ ከአንድ ሰዓት በላይ የቆየ ሕመምም እንደ ምት ብቻ ሊታይ አይገባም፤ ምት ራሱ የዘር ፍሬውን ሊያዞረው ይችላልና።