ጥቁሩ ወደ ኋላ፦ የማተሚያ ቤት ፈረቃ እንዴት ይደረደራል?

ትናንሽ ትእዛዞች በሚበዙበት ማተሚያ ቤት ባለ አንድ ቀለም የኦፍሴት ማሽን ከፈረቃው ብዙውን ጊዜ የሚያጠፋው ቆሞ ነው። አንድ ሺህ የሠርግ መጥሪያ ማተም ራሱ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ረጅሙ ከዚያ በፊት ያለው ነው፤ የቀድሞው ቀለም ይታጠባል፣ አዲስ ፕሌት ይታሰራል፣ ወረቀት ይቀየራል፣ ሙከራ ይወጣል። ይህ ዝግጅት ለመቶ ወረቀትም ለአሥር ሺህ ወረቀትም ያው ነው። ስለዚህ የሚመሳሰሉ ሥራዎችን ማከታተል ሕትመቱን ባያፈጥነውም ማሽኑ የሚቆምበትን ጊዜ ያሳጥራል።

ከዝግጅቱ ሁሉ ከባዱ ቀለም መቀየር ነው። ቀለሙ ከቋቱ ተነሥቶ ፕሌቱ ላይ እስኪደርስ በብዙ የጎማና የብረት ሮለሮች ላይ እየተዳመጠ ያልፋል። ለመለወጥ ቋቱ ተጠርጎ ይወጣል፤ ማሽኑ እየዞረ ሮለሮቹ ላይ ማጠቢያ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ የሟሟውን ቀለም መጥረጊያው ምላጭ እየሰበሰበ ያወጣዋል። ከቢጫ ወደ ጥቁር ሲሄዱ አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል፤ የቀረችው ቢጫ በጥቁሩ ውስጥ አትታይም። ከጥቁር ወደ ቢጫ ግን ሁለትና ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጎማው ውስጥ የቀረው ቀለም ቀስ እያለ ይወጣል። ልምድ ያለው ኦፕሬተር እንዲህ ባለ ጊዜ ጥቂት ቢጫ ቀለም ሮለሩ ላይ አዙሮ መልሶ ያጥበዋል፤ ቢጫው የተደበቀውን ጥቁር ይዞ ይወጣል። ማጠቡ እንዳልበቃ የሚታወቀው የመጀመሪያዎቹ ወረቀቶች ላይ ነው፤ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል፣ ቀዩ ይደፈርሳል። የቀለም ቅደም ተከተል ከብሩሁ ወደ ጥቁሩ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በአንድ ቀን ሥራ እንየው። ፈረቃው 8 ሰዓት፣ ማለትም 480 ደቂቃ ነው፤ ማሽኑ ላይ ያለው ኦፕሬተር አንድ ብቻ ነው። ስድስት ትእዛዞች በዚህ ቅደም ተከተል ገብተዋል፦ ጥቁር ደረሰኝ በስስ ወረቀት፣ ቀይ የሠርግ መጥሪያ በካርድ፣ ጥቁር በራሪ ወረቀት በተራ የቢሮ ወረቀት፣ ሰማያዊ የድርጅት ደብዳቤ በዚያው በቢሮ ወረቀት፣ ሌላ ቀይ መጥሪያ በካርድ፣ በመጨረሻም ሌላ ጥቁር ደረሰኝ በስስ ወረቀት። ለስሌቱ ያህል ከጠቆረ ወደ ብሩህ ቀለም መሸጋገር 30 ደቂቃ፣ ከቀይ ወደ ጥቁር ወይም ከሰማያዊ ወደ ጥቁር 15፣ ከቀይ ወደ ሰማያዊ 20፣ የወረቀት ዓይነት መቀየር 10 ደቂቃ ይፈጃል እንበል። ወረቀት መቀየርም ሪሙን አንሥቶ ሌላ ማስቀመጥ ብቻ አይደለም፤ ካርድ ወፍራም ስለሆነ የሲሊንደሩ ግፊትና የመጋቢው አየር እንደገና ይስተካከላል።

እንደ አመጣጣቸው ቢታተሙ ቀለም አምስት ጊዜ ይቀየራል፤ ይህ 120 ደቂቃ ነው። ወረቀት አራት ጊዜ ይቀየራል፤ 40 ደቂቃ። ድምሩ 160 ደቂቃ ይሆናል። በቅደም ተከተል የማይቀነሰው የፕሌት ማሰሪያ ጊዜ፣ በየሥራው 10 ደቂቃ፣ 60 ደቂቃ ይጨምራል። ለማተም የሚቀረው 260 ደቂቃ ብቻ ነው።

አሁን ንጹሕ በሆነ ሮለር ሁለቱ ቀይ መጥሪያዎች ይጀምሩ፤ ሰማያዊው ደብዳቤ ይከተል፤ ከዚያ ጥቁሩ በራሪ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ደረሰኞች። ቀለም የሚቀየረው ሁለት ጊዜ ሲሆን 35 ደቂቃ ይፈጃል፤ ወረቀትም ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ። ጠቅላላው 55 ደቂቃ ነው። ያው ማሽን፣ ያው ሰው፣ ያው ስድስት ሥራ ሆኖ የማተሚያው ጊዜ 365 ደቂቃ ደረሰ። ከባዱ የጥቁር እጥበትም የትም አልጠፋም፤ ቀለሙ ሌሊቱን እንዳይደርቅ ማሽኑ ማታ መታጠቡ የማይቀር ስለሆነ ከዚያ ጋር ተደረበ። ሌላ ፈረቃ የሚረከብ ከሆነ ግን አለመታጠቡ ይሻላል፤ ተረካቢው የቀሩትን ጥቁር ሥራዎች አስቀድሞ ይጨርስና ከዚያ ያጥባል።

በወረቀት ላይ ይህ ድርድር እንከን የለውም። እንከኑ የሚታየው ጥረዛ ክፍል ውስጥ ነው። ደረሰኝ ታትሞ አያልቅም፤ ቁጥር ይመታበታል፣ ቅጂዎቹ ይደራረባሉ፣ መቅደጃ መስመር ይወጣለታል፣ ይጠረዛል። መጥሪያው ግን ተቆርጦና ታጥፎ ያበቃል። ደረሰኞቹ መጨረሻ ላይ ከታተሙ ጥረዛ ክፍሉ ጠዋት እጁን አጣጥፎ ይቀመጥና አመሻሹ ላይ የማይጨርሰው ክምር ይወድቅበታል። ማሽኑ ያተረፈውን ጊዜ ደንበኛው በማግስቱ እየተመላለሰ ይከፍለዋል። ብዙ አለቆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ የሚቆጥሩት የማሽኑን ደቂቃ ብቻ ነው።

መፍትሔው ጥቁሩን ወደፊት አምጥቶ አንድ ከባድ እጥበት መቀበል ነው። ደረሰኞቹ ይቀድማሉ፤ ጥቁሩ በራሪ ይከተላል፤ ከዚያ ማሽኑ በደንብ ይታጠብና ቀዮቹ መጥሪያዎች፣ በመጨረሻም ሰማያዊው ደብዳቤ ይታተማሉ። ለቀለም 50፣ ለወረቀት 30፣ በድምሩ 80 ደቂቃ ይሄዳል። ከተሻለው ድርድር በ25 ደቂቃ ይብሳል፤ እንደ አመጣጡ ከሚሠራው ግን በግማሽ ያነሰ ነው። ጥረዛ ክፍሉም ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ያገኛል።

ሌላው ጣጣ የሚመሳሰሉ ሥራዎች መደባለቃቸው ነው። ሁለት ድርጅቶች ደረሰኛቸውን በአንድ ወረቀትና በአንድ ቀለም ተከታትለው ሲያሳትሙ የአንዱ ቅጠል በሌላው ጥራዝ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ በመሐል ቀይ ካርድ ቢኖር ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። ስለዚህ አንዱ ክምር ከማሽኑ ተነሥቶ የሥራ ማዘዣው ካልተለጠፈበት ሁለተኛው አይጀመርም።

ልማዱ ለማሽን ብቻ የሚጠቅም አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ አርተር ጀርሲልድ በ1927 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ሰዎች ሁለት ዓይነት ሥራ እያፈራረቁ ሲሠሩ እያንዳንዱን ለብቻው ከሚሠሩበት ይልቅ እንደሚዘገዩ አሳይቷል። ማረሚያ የሚያነበው ሠራተኛ በየመሐሉ ዋጋ የሚጠይቅ ደንበኛ ሲያስተናግድ ወደ ጽሑፉ በተመለሰ ቁጥር ያቆመበትን መስመር ይፈልጋል፤ ስሕተትም የሚያልፈው በዚያ ጊዜ ነው። ማረሚያውን ሁሉ በአንድ የተለየ ሰዓት ማንበብ ይህን ያስቀራል።

ማከማቸት ግን ልክ አለው። ቀይ ሥራ እስኪበዛ ተብሎ አንድ መጥሪያ ሦስት ቀን ቢያድር ሠርጉ አይጠብቅም። በአንድ ፈረቃ ውስጥ ያለውን መደርደርና ገና ያልመጣውን መጠበቅ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ትእዛዝ ሲቀበሉ የማስረከቢያው ሰዓት ማዘዣው ላይ ይጻፋል፤ ድርድሩ የሚሠራው ከዚያ ሰዓት ወደ ኋላ እየተቆጠረ ነው፤ ሰዓቱ የማያሠጋው ሥራ ብቻ ከመሰሉ ጋር ይቀላቀላል።

ጃፓናዊው መሐንዲስ ሺጌዮ ሺንጎ ነገሩን የያዘው በሌላ በኩል ነው። እርሱ ማሽኑ ቆሞ የሚሠራውን ዝግጅት ማሽኑ እየሠራ ሊሠራ ከሚችለው ለየ፤ በቶዮታ ፋብሪካ 4 ሰዓት ይፈጅ የነበረውን የአንድ ትልቅ መጭመቂያ የቅርጽ ቅየራ በዚህ መንገድ ወደ 3 ደቂቃ እንዲወርድ አደረገ። ማተሚያ ቤትም የሚቀጥለውን ፕሌት አዘጋጅቶ፣ ወረቀቱን ቆርጦ፣ ቀለሙን ቀምሞ መጠበቅ የሚችለው የቀድሞው ሥራ እየታተመ ሳለ ነው። የመቀየሪያው ጊዜ ባጠረ ቁጥር የማከማቸቱም ጥቅም ይቀንሳል። ሁሉንም ኅብር ከአራት ቋሚ ቀለሞች የሚያወጣ ባለ አራት ቀለም ማሽን በየሥራው ቀለም መለወጥ ስለማያስፈልገው፣ በእርሱ ላይ የሚሰበሰቡት በወረቀት ዓይነትና በመጠን የሚመሳሰሉ ሥራዎች ናቸው።