«ስማችን ምን ሆኖ ነው?»

ይህን በአደባባይ ብዙም አንናገረውም፤ ስለዚህ ጠጋ በሉ። የአክሲዮን ማኅበር ዓመታዊ ሪፖርት በአማርኛ ስታነቡ፣ ብዙውን ጊዜ የምታነቡት በእንግሊዝኛ ተሠርቶ፣ በእንግሊዝኛ ኦዲት ተደርጎ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ወደ እኛ ወደ ተርጓሚዎቹ ጠረጴዛ የመጣ ጽሑፍ ነው። ቁጥሮቹን መንካት አንችልም። ቃላቱ ግን በእኛ እጅ ናቸው፤ አንዳንዱ ቃል ደግሞ ከቁጥሩ በላይ ሰው ያስደነግጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንድ ማኅበር ሪፖርት ተርጉሜ ጉባኤው ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ማኅበሩ ቀደም ሲል አንድ የዱቄት ፋብሪካ ገዝቷል። እኔም ትርፍና ኪሳራው ላይ «በመልካም ዝና ላይ የደረሰ ጉዳት፣ 10 ሚሊዮን ብር» ብዬ ጽፌያለሁ። ጋቢ የደረቡ አንድ አባት እጃቸውን አንስተው ተነሡ። «ስማችን ምን ሆኖ ነው? ማን አጎደፈው? ሰውየው ካለ ለምን አልተከሰሰም?» አሉ። አዳራሹ ተንጫጫ። የሒሳብ ኃላፊው የማንም ስም እንዳልጎደፈ ለማስረዳት ረጅም ጊዜ ፈጀበት፤ ያም ሆኖ ብዙዎቹ ያመኑት አልመሰለኝም። አባታችን ያነበቡት በትክክል የተጻፈውን ነው። የተጻፈው ግን የሆነውን አልነበረም።

የሆነው ይህ ነው። ማኅበሩ ፋብሪካውን በ85 ሚሊዮን ብር ገዛ። ሕንፃው፣ ወፍጮዎቹ፣ መኪኖቹና በመጋዘን ያለው ስንዴ በገበያ ዋጋ ሲገመቱ 110 ሚሊዮን ሆኑ። ፋብሪካው ደግሞ 50 ሚሊዮን ዕዳ ነበረበት። ዕዳው ሲቀነስ የተጣራው ሀብት 60 ሚሊዮን ነው። ገዢው ግን 85 ከፈለ። ትርፉን 25 ሚሊዮን የከፈለው ለምንድን ነው? ለለመዱት ዳቦ ቤቶች፣ አብሮ ለሠለጠነው ሠራተኛ፣ ሁለቱ ድርጅቶች አንድ ሲሆኑ ለሚቀረው ወጪ፣ ምናልባትም በጨረታ ላለመሸነፍ ሲል ነው። በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሪፖርት ደረጃ መሠረት ይህ ልዩነት እንደ ሀብት ይመዘገባል። ከዚያ በየዓመቱ ይፈተሻል፤ የሚያስገኘው ገንዘብ ከተመዘገበበት ዋጋ አንሶ ከተገኘ ጉድለቱ ይቀነሳል። ያን ዓመት ፈተናው 15 ሚሊዮን ብቻ ቀርቷል አለ። የጠፋው 10 ሚሊዮን ይኸው ነው። ከልክ በላይ የተከፈለ፣ ወይም የተጠበቀውን ያላመጣ የግዢ ዋጋ ነው እንጂ ማንም አልተዋረደም።

ታዲያ «መልካም ዝና» ከየት መጣ? ከሕግ ሰዎች ነው የወሰድኩት፤ ቃሉ እዚያ ቦታውን ያውቃል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ በፈረንሳይ ሊቃውንት የተረቀቀ ነው። በ2013 ዓ.ም. በአዲስ ሕግ እስኪተካ ድረስ አንድ የንግድ መደብር በዋናነት የሚቆመው በዚህ በማይዳሰስ ነገር እንደሆነ ይናገር ነበር፤ በአንቀጽ 130 ደግሞ ዋጋውን ነጋዴው ከእሱ ዕቃ ወይም አገልግሎት ይፈልጋሉ ተብለው ከሚጠበቁ ሰዎች ጋር ካለው ግንኙነት ጋር ያያይዘው ነበር። ጠበቆች ሲከራከሩበት «ዝና» ይበቃቸዋል። ሒሳብ ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። በሕጉ እሳቤ አንድ ነጋዴ በራሱ ላብ ደንበኛ ሲያፈራ መልካም ዝና አፍርቷል። በሒሳብ ደረጃው ግን በራስ ጥረት የመጣ ዝና ፈጽሞ አይመዘገብም። የሚመዘገበው ሌላ ድርጅት ሲገዛ የተከፈለው ብቻ ነው። 40 ዓመት የተከበረ ስም ያለው ድርጅት ሰንጠረዡ ላይ ዜሮ ሊያሳይ ይችላል፤ ትናንት ተቋቁሞ ሁለት ድርጅት የገዛው ደግሞ 100 ሚሊዮን። አንባቢው «ዝና» የሚል ካየ ይህን በግልባጩ ነው የሚረዳው።

ሌላ የሚያጓጓ ቃል አለ፤ እኔም አንድ ሰሞን ልቤ ሄዶበት ነበር። መርካቶ ውስጥ አንድ ሰው የያዘውን ሱቅ ለሌላ ሲለቅ ከዕቃው ዋጋ ሌላ «ቁልፍ» ይቀበላል። ቃሉን ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከዕቃው በላይ የሚከፈል ነው፤ አይዳሰስም። ለምን እሱን አንጠቀምም? ምክንያቱም ቁልፍ የሚከፈለው በዋናነት ለቦታው፣ ማለትም በዚያ ቤት ለመቀመጥ ላለው መብት ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግም የኪራይ መብትን ከመልካም ዝና ለይቶ ነበር የሚዘረዝረው። በሒሳብም ቢሆን ለብቻው ሊለይና ሊገመት የሚችል መብት በራሱ መስመር ይመዘገባል እንጂ ከቀሪው ጋር አይደባለቅም። ስለዚህ ቁልፍን ለቃል ማብራሪያ እንጂ ለሰንጠረዥ አልጠቀምበትም። ጉባኤ ላይ «ቁልፍ ስትከፍሉ ከዕቃው በላይ እንደምትከፍሉት ዓይነት ነው፤ ግን ለቦታው አይደለም» ብሎ መጀመር ሰው ያስማማል።

እንዳለ መዋስስ? «ጉድዊል» ስንል ሌላ ጣጣ ይመጣል። ዓይን መጀመሪያ የሚያነበው «ጉድ»ን ነው። በጠባብ ዓምድ ላይ ቃሉ ተቆርጦ «ጉድ» በአንድ መስመር፣ «ዊል» በሚቀጥለው ሲያርፍ በዓይኔ አይቻለሁ፤ የገንዘብ ሪፖርት ላይ እንዲህ ያለ ነገር መታየት የለበትም። አሁን ለማተሚያ ቤት ከማቀርበው የማሳሰቢያ ዝርዝር አንዱ ይህ ቃል እንዳይሰነጠቅ የሚል ነው።

ከብዙ ሙከራ በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ «በግዢ የተገኘ ጉድዊል» እላለሁ። «በግዢ የተገኘ» የሚለው ሁለት ቃል ብቻ ቢሆንም የዝናውን ስሕተት ከሥሩ ይቆርጠዋል። ቃሉ በሪፖርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚመጣበት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትርጉሙን እዘረጋለሁ፤ «ፋብሪካውን ለመግዛት ከተጣራ ሀብቱ ዋጋ በላይ የተከፈለው፣ ጉድዊል የሚባለው» ብዬ። የተውሶው ቃል ከዚያ በኋላ ብቻውን ይሄዳል። ለቅነሳው ደግሞ «ጉዳት»ንም «እርጅና»ንም ትቻለሁ። ብዙ ባልደረቦቼ «የጉድዊል የእርጅና ቅናሽ» ይጽፋሉ፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ በታወቀ መጠን የሚሄድ ነው፤ ጉድዊል ግን በዚህ ደረጃ አያረጅም፤ ፈተናውን ካለፈ አሥር ዓመትም ቢሆን ሳይነካ ይቀመጣል። አንዴ ከተቀነሰ ደግሞ ተመልሶ ከፍ አይልም። ስለዚህ «የዋጋ መጓደል» እላለሁ።

ኢቢትዳ ሌላ ዓይነት ፈተና ነው። እዚህ ላይ ሐሳቡ አይከብድም፤ የሚከብደው ርዝመቱ ነው። ሲዘረጋ «ከወለድ፣ ከግብር፣ ከእርጅና ቅናሽ በፊት ያለ ትርፍ» ይሆናል። እንግሊዝኛው ሁለት ዓይነት ቅናሽ ይቆጥራል፤ አንዱ ለሚዳሰስ ንብረት፣ ሌላው ለማይዳሰስ። የእኛ የገቢ ግብር ሕግ ሁለቱንም በአንድ የእርጅና ቅናሽ ሥር ስለሚያስተናግድ አማርኛው አንድ ቃል ቢያተርፍ አንባቢ አይጎዳም። የሚጎዳው አማርኛ «በፊት»ን መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ነው። ሰንጠረዥ ላይ ረጅሙ መጠሪያ ሲያጥር ብዙ ጊዜ «ከግብር በፊት ያለ ትርፍ» የሚለው ብቻ ይተርፋል። ይህ ደግሞ የሌላ መስመር መጠሪያ ነው። የአማርኛ ፊደል ምሕጻረ ቃል ልሥራ ብሎ የሞከረ ባልደረባ አለኝ፤ ከእሱ በቀር ያነበበው የለም።

እዚህ ላይ ቃሉን እዋሳለሁ፤ «ኢቢትዳ» እላለሁ፣ በአንድ አጻጻፍ ብቻ። ሥራው ለሦስት ተርጓሚ ሲከፋፈል አንዱ «ኢቢትዳ»፣ አንዱ «ኢቢታ»፣ ሌላው «ኢቢአይቲዲኤ» ይጽፋል፤ አንባቢው ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉታል። መካከለኛው ደግሞ በእርግጥም የሌላ መለኪያ ስም ነው።

ከስሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ «ትርፍ» የሚለው ቃል ነው። የዱቄት ፋብሪካው ያን ዓመት የተጣራ ትርፉ 14 ሚሊዮን ነበር እንበል። 6 ሚሊዮን ግብር፣ 28 ሚሊዮን የባንክ ወለድ፣ 32 ሚሊዮን የእርጅና ቅናሽ ሲመለስበት ኢቢትዳው 80 ሚሊዮን ይሆናል። ባለአክሲዮኑ 80 ሚሊዮን «ትርፍ» አንብቦ ድርሻውን ያሰላል። የሚከፋፈለው ግን ቢበዛ ከ14ቱ የሚቆረስ ነው። ስለዚህ ትርጉሙን ስዘረጋ «ትርፍ» በማለት ፈንታ «ወለድ፣ ግብርና የእርጅና ቅናሽ ሳይቀነሱ ያለ የሥራ ውጤት» እላለሁ። «ሳይቀነሱ» የሚለው ገና የሚቀነስ እንዳለ ይናገራል፤ «በፊት» ግን ጊዜ የሚያመለክት ይመስላል። አንድ ጥንቃቄ አለ። ይህ መለኪያ በሒሳብ ደረጃው ውስጥ ትርጉም አልተሰጠውም። እያንዳንዱ ድርጅት በራሱ መንገድ ያሰላዋል፤ የባንክ ብድር ውል ደግሞ የራሱን ትርጉም ያስቀምጣል። የውል ትርጉም ስሠራ የለመድኩትን ፍቺ እተወዋለሁ፤ ውሉ ያለውን ቃል በቃል እከተላለሁ።

አሁን የግርጌ ማስታወሻ። ሙያተኞቹም ቢሆኑ የሚሳሳቱት እዚህ ነው። በፋይናንስ ሪፖርት ውስጥ ቁጥር የተሰጣቸው ማብራሪያዎች የኦዲት አካል ናቸው፤ ኦዲተሩ አይቷቸዋል፣ ፈርሞባቸዋል። ተርጓሚው የራሱን ማስታወሻ ቁጥር 18 ብሎ ከእነሱ ጋር ካሰለፈው ኦዲተሩ ያላየውን ነገር ያየ ያስመስለዋል። ስለዚህ የእኔን በኮከብ ምልክት እለያለሁ፤ መጀመሪያው ላይ «የተርጓሚ ማስታወሻ» የሚል አኖራለሁ፤ ከመታተሙ በፊትም ለሒሳብ ክፍሉና ለኦዲተሩ አሳያለሁ። ሦስት መስመር አያልፍም። ለጉድዊል የማስቀምጠው ይህን ይመስላል፤ «በሕግ ጽሑፎች መልካም ዝና ከሚባለው ጋር ይዛመዳል፤ እዚህ ግን የሚያመለክተው ሌላ ድርጅት ሲገዛ ከተጣራ ሀብቱ በላይ የተከፈለውን ገንዘብ ብቻ ነው። የድርጅቱን ስም ወይም ክብር አይለካም።» ግዢው ተወድዶ እንደነበር ወይም እንዳልነበር አንድም ቃል አልጨምርም። ያ የዳይሬክተሮች ቦርዱ ጉዳይ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ጉባኤ ጋቢ የለበሱት አባት ሪፖርቱን ይዘው ቀደም ብለው መጡ። አጠገቤ ተቀምጠው በጣታቸው ኮከቧን አሳዩኝና «ልጄ፣ ይህ የቀረው 15 ሚሊዮን መቼ ነው የሚያልቀው?» አሉ።

«ላያልቅም ይችላል፣ አባቴ። በየዓመቱ ነው የሚፈተሸው» አልኳቸው።

«ዘንድሮ ፈትሸውታል?»

ማብራሪያውን ገልጬ ፈተናው ያረፈበትን የሽያጭ ዕድገት ግምት አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ለረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ጉባኤው ሲከፈት እጃቸውን አነሡና ይህን ግምት ማን እንዳወጣው ጠየቁ።