ረጅሙ መስመር ወሳኙ ላይሆን ይችላል፦ በሥራ ሰሌዳ ላይ ወሳኙን መንገድና ፋታን የመለያ ዘዴ

ከጨንቻ ከፍታዎች ተነስቶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚፈሰው የሐሬ ወንዝ በአርባ ምንጭ ዙሪያ ወረዳ የሚገኙ የሙዝ ማሳዎችን ያጠጣል። በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ሲበረታ ግን ይኸው ወንዝ ደለልና ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። በዚያ ወቅት የቦዩ መግቢያ ግንብ ገና ያልጠነከረ፣ በሩም ያልተገጠመ ከሆነ የወራት ድካም በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሊወሰድ ይችላል። በመሆኑም በበጋው ወራት የቦይ ጥገና የሚጀምር የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አስቀድሞ ሊመልሰው የሚገባ ጥያቄ አለ። ከሥራዎቹ መካከል አንድ ቀን ቢዘገይ ጠቅላላውን ሥራ የሚያዘገየው የትኛው ነው? ቢዘገይ የማይጎዳውስ የትኛው ነው?

መልሱ የሚገኘው ባር ቻርት ተብሎ ከሚታወቀው የሥራ ሰሌዳ ላይ ነው። በዚህ ሰሌዳ ቀናቱ ከላይ በተርታ ይጻፋሉ፤ እያንዳንዱ ሥራ ደግሞ ከሚጀመርበት ቀን እስከሚያበቃበት ቀን የተዘረጋ አግድም መስመር ይሆናል። ሰሌዳውን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያስፋፋው አሜሪካዊው መሐንዲስ ሄንሪ ጋንት ሲሆን፣ ወሳኙን መንገድ የማስላት ዘዴ የተቀመረው ግን ዘግይቶ በ1950ዎቹ መጨረሻ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ዘዴው የተፈጠረው ለትልልቅ ፋብሪካዎች ቢሆንም ስኩዌር ደብተርና እርሳስ ላለው ሰው ሁሉ ያገለግላል።

ለማስረዳት ያህል የካቲት 1 የሚጀመር አነስተኛ የቦይ መግቢያ ጥገናን እንውሰድ። በመጀመሪያ ቅየሳና ልኬት 5 ቀን ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ሦስት ሥራዎች ጎን ለጎን ሊሄዱ ይችላሉ፦ ገበሬዎች ደለሉን ለመጥረግ 12 ቀን፣ ድንጋይና አሸዋ ለማጓጓዝ 8 ቀን፣ በከተማው የብየዳ ቤት የብረቱን በር ለማሠራት 20 ቀን። የግንቡ ሥራ 14 ቀን የሚወስድ ሲሆን፣ ሊጀመር የሚችለው ደለሉ ተጠርጎ ድንጋዩም ሲቀርብ ነው። ግንቡ ካለቀ በኋላ ውሃ እየጠጣ እንዲጠነክር 7 ቀን ይጠበቃል። በሩን ለመግጠም 3 ቀን፣ ውሃ ለቆ ለመሞከር ደግሞ 2 ቀን ያስፈልጋል።

ግንቡ የሚጠነክርበት 7 ቀን ማንም ሰው የማይደክምበት ስለሆነ ብዙዎች ከሰሌዳው ይዘሉታል። ሆኖም ቀን ይበላልና እንደማንኛውም ሥራ የራሱ መስመር ሊኖረው ይገባል።

ሰሌዳው ሲሳል እያንዳንዱ ሥራ ሊጀመር በሚችልበት የመጀመሪያ ቀን ላይ ይቀመጣል። ወራቱ ሁሉ 30 ቀን መሆናቸው ቆጠራውን ያቀልለዋል። ቅየሳው የካቲት 5 ያበቃል፤ ሦስቱ ሥራዎች የካቲት 6 ይጀመራሉ። የድንጋይ ማጓጓዙ የካቲት 13፣ የደለል ጠረጋው የካቲት 17፣ በሩ የካቲት 25 ያልቃሉ። ግንቡ ሁለቱንም ስለሚጠብቅ ዘግይቶ ያለቀውን ተከትሎ የካቲት 18 ተጀምሮ መጋቢት 1 ይጠናቀቃል። እስከ መጋቢት 8 ይጠነክራል፣ እስከ መጋቢት 11 በሩ ይገጠማል፣ መጋቢት 13 ሙከራው ያበቃል።

ወሳኙን መንገድ ለማግኘት ከሰሌዳው የቀኝ ጫፍ ተነስቶ ወደ ግራ መሄድ ያስፈልጋል። በየደረጃው የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ሥራ ከዚህ ቀን ቀደም ብሎ እንዳይጀመር የያዘው የትኛው ሥራ ነው? ሙከራውን የያዘው የበሩ መግጠም ነው። መግጠሙን የያዘው በሩ ራሱ ሊመስል ይችላል፤ በሩ ግን የካቲት 25 ተዘጋጅቶ እየጠበቀ ነው። እስከ መጋቢት 8 ያቆየው የግንቡ መጠንከር ነው። ከዚያ ወደ ግንቡ፣ ከግንቡ ወደ ደለል ጠረጋው፣ ከጠረጋው ወደ ቅየሳው ይደረሳል። በእነዚህ ሥራዎች መካከል አንድም ባዶ ቀን የለም። ወሳኙ መንገድ ይህ ነው፤ ቀናቱ ሲደመሩም 5፣ 12፣ 14፣ 7፣ 3 እና 2 በድምሩ 43 ይሆናሉ። በሰሌዳው ላይ ከሁሉ የረዘመው የበሩ የ20 ቀን መስመር ግን በመንገዱ ውስጥ አልገባም። ዓይን የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

ፋታ ማለት አንድ ሥራ የመጨረሻውን ቀን ሳይገፋ ሊዘገይ የሚችልበት ጊዜ ነው። በሩ ዘግይቶ ቢያልቅ እስከ መጋቢት 8 መድረስ ስለሚችል 13 ቀን ፋታ አለው። የድንጋይ ማጓጓዙ እስከ የካቲት 17 ቢቆይ ስለማይጎዳ ፋታው 4 ቀን ነው። በወሳኙ መንገድ ላይ ያሉት ሥራዎች ምንም ፋታ የላቸውም።

ፋታ ግን የጋራ ሊሆን ይችላል። የበሩ ሥራ ለላሜራ ግዢ 6 ቀን፣ ለብየዳ 14 ቀን ተብሎ ቢከፈል 13ቱ ቀናት ለሁለቱም በየፊናቸው አይታደሉም። ላሜራው 10 ቀን ቢዘገይ ለብየዳው የሚቀረው 3 ቀን ብቻ ነው። ገዢውም በያጁም እያንዳንዳቸው 13 ቀን እንዳላቸው ካሰቡ ሥራው መዘግየቱ የማይቀር ነው። በሩ በአጠቃላይ 16 ቀን ቢዘገይ ወሳኙ መንገድ ወደ በሩ ይዛወራል፤ ሙከራው የሚያበቃውም መጋቢት 16 ይሆናል።

ሥራን ማፋጠንም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። ማኅበሩ ተጨማሪ ሰዎችን አሰልፎ የደለሉን ጠረጋ ከ12 ቀን ወደ 6 ቀን ቢያወርደው 6 ቀን ያተርፍ ይመስላል። ጠረጋው የካቲት 11 ቢያልቅም ድንጋዩ የሚቀርበው የካቲት 13 በመሆኑ ግንቡ የሚጀመረው የካቲት 14 ነው። የተገኘው ትርፍ 4 ቀን ብቻ ሲሆን፣ የቀሩት 2 ቀናት ጉልበት ከንቱ ቀርቷል። ከዚያ በኋላ ወሳኙ የድንጋይ ማጓጓዙ ስለሚሆን ተጨማሪው ኃይል ወደዚያ ቢዛወር ይሻላል።

ሰሌዳው የማያሳየው ነገርም አለ። መስመሮቹ ጎን ለጎን ስለተሳሉ ብቻ ሥራዎቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ ማለት አይደለም። ደለሉን የሚጠርጉትና ድንጋዩን የሚያቀርቡት ያው ገበሬዎች ከሆኑ፣ የድንጋዩ የ4 ቀን ፋታ በወረቀት ላይ ብቻ የሚገኝ ነው። አንዱን ጨርሰው ወደ ሌላው ስለሚሄዱ 12 እና 8 ተደምረው ግንቡ የሚጀመረው የካቲት 26 ይሆናል፤ ሙከራው ደግሞ እስከ መጋቢት 21 ይገፋል። እንዲህ ያለውን ለመለየት በየመስመሩ አጠገብ ሥራውን የሚሠሩት ሰዎች ስምና የሚጠቀሙበት ተሽከርካሪ ይጻፋል። በተመሳሳይ ቀናት አንድ ስም ሁለት ጊዜ ከተገኘ ከሁለቱ መስመሮች አንዱ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።