የስልክን ስክሪን ያለ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን ማስተላለፍ፦ ተረትና እውነታ

የስልክ ስክሪን ያለ ገመድ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ስልኩና ቴሌቪዥኑ የራሳቸውን ዋይፋይ በመካከላቸው ፈጥረው በቀጥታ ይገናኛሉ። ስልኩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ እየቀዳ በቪዲዮ መልክ ይልካል፤ ቴሌቪዥኑም ተቀብሎ ያሳያል። ይህ አሠራር ሚራካስት ይባላል፤ ዋይፋይ አሊያንስ የተሰኘው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ነው። በሁለተኛው መንገድ ግን ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ራውተር ወይም አንድ ሆትስፖት ላይ ይገቡና በእሱ አማካይነት ይነጋገራሉ። ጉግል ካስትና የአይፎኑ ኤርፕሌይ በአብዛኛው የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ስለ ጉዳዩ የሚነገሩት የተሳሳቱ እምነቶች በብዛት የሚመነጩት እነዚህን ሁለት መንገዶች ከመደባለቅ ነው። ቢቸናም ሆነ ሞጣ ውስጥ ቋሚ የኢንተርኔት መስመር ላልገባለት፣ ኢንተርኔቱን ከስልክ ዳታ ለሚያገኝ ቤት ልዩነቱን ማወቅ ይበልጥ ይጠቅማል፤ ለዚህ ቤት የሚስማማው መንገድና ራውተር ላለው ቤት የሚስማማው አንድ አይደለምና።

ተረት 1፦ ኢንተርኔት ከሌለ ስክሪን ማስተላለፍ አይቻልም

እውነታው፦ ሚራካስት ኢንተርኔትም ራውተርም አይፈልግም። ሲም ካርድ የሌለው ስልክ እንኳ በውስጡ የተቀመጠን ፊልም፣ የሠርግ ቪዲዮ ወይም ፎቶ ወደ ቴሌቪዥን መላክ ይችላል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜም ይህ መንገድ ክፍት ነበር፤ የተቋረጠው ስልኩ ከማማው ጋር የሚያደርገው የዳታ ግንኙነት እንጂ ስልኩ ራሱ የሚረጨው የዋይፋይ ሞገድ አልነበረምና።

ግራ የሚያጋባው፣ ሚራካስት እንዲሠራ የስልኩ ዋይፋይ መብራት ያለበት መሆኑ ነው። ዋይፋይ ማብራት ማለት ግን ኢንተርኔት ማግኘት ማለት አይደለም። ከየትኛውም ራውተር ጋር ሳይገናኝ በባዶው የበራ ዋይፋይ ለሚራካስት ይበቃል። ጉግል ካስት በአንጻሩ የጋራ ኔትወርክ ይፈልጋል፤ ዩቲዩብን የመሰለ ነገር ለማሳየት ደግሞ ቴሌቪዥኑ ራሱ ኢንተርኔት ማግኘት አለበት።

ተረት 2፦ ስማርት ቲቪ ከማንኛውም ስልክ ጋር ይገናኛል

እውነታው፦ ስልኩና ቴሌቪዥኑ አንድ ዓይነት አሠራር ካልያዙ ጎን ለጎን ተቀምጠውም አይተያዩም። አይፎን ሚራካስትን አያውቅም፤ ኤርፕሌይ የሚቀበል ቴሌቪዥን ወይም ማገናኛ ይፈልጋል። ጉግል ራሱ የሚሠራቸው የፒክስል ስልኮችም አንድሮይድ ሆነው ሳለ ሚራካስት የላቸውም፤ የሚልኩት በጉግል ካስት ብቻ ነው። የሳምሰንግ ስልኮች ግን ሚራካስትን Smart View በሚል ስም ይዘውታል። በሌሎች አንድሮይድ ስልኮች ላይ Cast፣ Screencast ወይም Wireless display የሚሉ ስሞች ይገኛሉ።

በቴሌቪዥኑም በኩል ስሙ እንደ ፋብሪካው ይለያያል፤ ሳምሰንግ Screen Mirroring፣ ኤልጂ Screen Share፣ ሃይሴንስ ደግሞ Anyview Cast ይለዋል። በብዙ ቴሌቪዥኖች ላይ ይህን ገጽ በሪሞት ካልከፈቱት ቴሌቪዥኑ ራሱን ለስልኮች አያሳውቅም። ስለዚህ ስልኩ ምንም አላገኘሁም ሲል መጀመሪያ የሚታየው ቴሌቪዥኑ በዚህ ገጽ ላይ መሆኑ ነው። ከዚህ በፊት የመጣን የግንኙነት ጥያቄ አንድ ሰው እንቢ ብሎ ከነበረም ቴሌቪዥኑ ያንን አስታውሶ ስልኩን ያግዳል፤ ከመሣሪያዎቹ ዝርዝር ውስጥ ስልኩን ፈልጎ መፍቀድ ወይም መሰረዝ ችግሩን ይፈታዋል።

ስማርት ያልሆነ ቴሌቪዥንም ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለው፣ እዚያ ላይ በሚሰካ ትንሽ መቀበያ ሚራካስት ማግኘት ይችላል። መቀበያው በየደቂቃው እየጠፋ ከተነሣ ጥፋቱ የሞገድ ሳይሆን የኃይል ሊሆን ይችላል፤ የአንዳንድ ቴሌቪዥን ዩኤስቢ የሚሰጠው 0.5 አምፔር ስለማይበቃው ከ1 አምፔር ያላነሰ የስልክ ቻርጀር ላይ ቢሰካ ይረጋጋል።

ተረት 3፦ ሁለቱም አንድ ዋይፋይ ላይ ከገቡ መተያየታቸው አይቀርም

እውነታው፦ በራውተር በኩል የሚሠራው መንገድ የሚጀምረው በጥሪ ነው። ስልኩ «እዚህ ቴሌቪዥን አለ?» የሚል መልእክት በኔትወርኩ ላይ ላሉት ሁሉ ይበትናል፤ ቴሌቪዥኑ ሰምቶ ሲመልስ ስሙ ስልኩ ላይ ይወጣል። ጥሪው መሐል ላይ ከታፈነ ሁለቱም ኢንተርኔት እያገኙ አይተዋወቁም።

ጥሪው የሚታፈነው በተለመዱ ምክንያቶች ነው። ሆቴሎች ለእንግዳ የሚሰጡት ዋይፋይ ብዙውን ጊዜ አንዱ እንግዳ የሌላውን ስልክ እንዳያይ ተደርጎ የተዘጋጀ ስለሆነ የክፍሉን ቴሌቪዥንም ይከልላል። ስልኩ ላይ ቪፒኤን በርቶ ከሆነ ጥሪው ወደ ውጭ ተስቦ ከቤት ኔትወርክ ሊወጣ ይችላል፤ አጥፍቶ መሞከር ነው። አይፎን ላይ Local Network፣ አዳዲስ አንድሮይዶች ላይ Nearby devices የሚባለውን ፈቃድ የተነፈገ መተግበሪያም ቴሌቪዥኑን አያገኝም።

ራውተር በሌለበት ቤት ግን ዋናው መሰናክል ሆትስፖቱ ራሱ ነው። ቢቸና ውስጥ አንድ የሳምሰንግ ስልክና ሚራካስት የሚቀበል ስማርት ቲቪ ያለበት ቤት ለምሳሌ ይወሰድ። ባለቤቱ የስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ ቴሌቪዥኑን ያገናኛል፤ የቴሌቪዥኑ ዩቲዩብም ይከፈታል። ከዚያ ስልኩ ላይ ያለን ቪዲዮ ለማሳየት Smart View ሲነካ ስልኩ ሆትስፖቱ ይዘጋ ይላል። ጉድለት ይመስላል፤ ነገር ግን ሆትስፖትም ሚራካስትም የሚጠቀሙት ያንኑ አንዱን የዋይፋይ ክፍል ነው፤ ብዙ ስልኮችም ሁለቱን ባንድ ጊዜ አያስኬዱም።

መፍትሔው ሆትስፖቱን ዘግቶ፣ ዋይፋዩን አብርቶ፣ የሞባይል ዳታውን እንደበራ መተው ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ Screen Mirroring ይከፈታል፤ ስልኩ ላይ Smart View ተነክቶ የቴሌቪዥኑ ስም ይመረጣል፤ ቴሌቪዥኑ ፈቃድ ሲጠይቅ Allow ይባላል። ቴሌቪዥኑ ኢንተርኔት የለም የሚል ጽሑፍ ቢያወጣም አያሳስብም። ስልኩ ዩቲዩብን በሞባይል ዳታው ያመጣል፣ ምስሉን ደግሞ በዋይፋዩ ለቴሌቪዥኑ ያቀብላል።

በዚያው ቤት ያለው ቴሌቪዥን የሚቀበለው ጉግል ካስትን ብቻ ቢሆን ነገሩ ይለወጣል። ሆትስፖት የከፈተው ስልክ ራሱ ቴሌቪዥኑን ብዙ ጊዜ አያገኘውም፤ አስተማማኙ መንገድ አንደኛው ስልክ ሆትስፖት ሆኖ፣ ሁለተኛው ስልክና ቴሌቪዥኑ እሱ ላይ ገብተው መላክ ነው። ቴሌቪዥኑ የሆትስፖቱን ስም ጨርሶ ካላየ ደግሞ ሆትስፖቱ በ5 GHz እየሠራ ሊሆን ይችላል። ብዙ ርካሽ ቴሌቪዥኖች የሚያዩት 2.4 GHzን ብቻ ስለሆነ በስልኩ የሆትስፖት ማስተካከያ ውስጥ Band የሚለውን ወደ 2.4 GHz መቀየር ያስፈልጋል።

ተረት 4፦ ምስሉ የሚቆራረጠው ኢንተርኔቱ ስለደከመ ነው

እውነታው፦ አንዳንዴ እንጂ ሁልጊዜ አይደለም። ለመለየት ቀላሉ ዘዴ ምስሉ ሲቆራረጥ የስልኩን ስክሪን ማየት ነው። ስልኩም ቴሌቪዥኑም አንድ ላይ ቆመው የምትሽከረከረዋ ክብ ከታየች የደከመው ኢንተርኔቱ ነው። ስልኩ ላይ ቪዲዮው ያለ እንከን እየሄደ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቻ የሚቆም ወይም ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ የሚፈራርስ ከሆነ ግን ችግሩ በስልኩና በቴሌቪዥኑ መካከል ነው። ለማረጋገጥ ዳታውን አጥፍቶ ስልኩ ውስጥ የተቀመጠ ቪዲዮ ማጫወት ይቻላል፤ ያም ከተቆራረጠ ኢንተርኔቱ ነፃ ወጣ ማለት ነው።

በዚህ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ርቀትና ግድግዳ ነው። ስልኩ ከቴሌቪዥኑ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ቢሆን ይመረጣል። የብሎኬት ግድግዳ ሞገዱን ያዳክማል፤ የብረት በርና ቆርቆሮ ደግሞ መልሰው ያንጸባርቁታል። 5 GHz ፈጣን ቢሆንም በግድግዳ ሲያልፍ ከ2.4 GHz ይበልጥ ይዳከማል።

ሁለተኛው ምክንያት ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ስልኩ ሚራካስት እየላከ ሳለ ከራውተርም ጋር እንደተገናኘ ከቆየ፣ ሁለቱ ግንኙነቶች በተለያየ ቻናል ላይ ሊውሉ ይችላሉ። ያኔ አንዱ የዋይፋይ ክፍል ከቻናል ቻናል እየዘለለ ሁለቱንም ለማገልገል ይሞክራል፤ በዝላዩ መሐል ምስሉ ይንተባተባል። ዋይፋዩን ሳያጠፉ ከራውተሩ ብቻ መለያየት ይህን ያስቀረዋል። በ2.4 GHz ላይ እያሉ የብሉቱዝ ማዳመጫ መጠቀምም ያንኑ ሞገድ ስለሚጋራ ጭነት ይጨምራል።

ሦስተኛው ምክንያት ስልኩ ነው። ስክሪኑን ያለማቋረጥ እየቀዳ ወደ ቪዲዮ መቀየር ከባድ ሥራ ነው፤ ስልኩ ሲግል ወይም የባትሪ ቁጠባ ሲበራ ፍጥነቱን ይቀንሳል። መጀመሪያ ደህና የነበረው ምስል ከቆይታ በኋላ መንቀርፈፍ ከጀመረና ስልኩም ከጋለ ምልክቱ ይኸው ነው። የባትሪ ቁጠባውን ማጥፋት፣ ስልኩን ከወፍራም ሽፋኑ ማውጣትና ቻርጅ ማድረጉን ለጊዜው መተው ይረዳል።

ምስሉ ሳይቆራረጥ ዘግይቶ ብቻ የሚደርስ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው። ምስሉ ተቀድቶ፣ ተጨምቆ፣ ተልኮ፣ እንደገና ተፈትቶ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ በላይ ይፈጃል። ፊልም ሲታይ ድምፁም አብሮ ስለሚዘገይ አይታወቅም፤ ጌም ሲጫወቱ ግን ይታወቃል። የቴሌቪዥኑን የምስል ምርጫ ወደ Game ማድረግ መዘግየቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም።

ተረት 5፦ ስክሪን ማስተላለፍ የዳታ ጥቅል ይጨርሳል

እውነታው፦ ከስልክ ወደ ቴሌቪዥን የሚሄደው ምስል ራሱ ከጥቅሉ ምንም አይቀንስም፤ የሚጓዘው ክፍሉ ውስጥ ባለ ዋይፋይ ነው። ዳታ የሚበላው ቪዲዮውን ከኢንተርኔት ማምጣቱ ነው፤ ያም በስልክ ቢታይ በቴሌቪዥን ያው ነው።

ልዩነት የሚመጣው በሁለተኛው መንገድ ሲሄዱ ነው። ዩቲዩብ በጉግል ካስት ሲላክ ስልኩ ሪሞት ብቻ ይሆናል፤ ቪዲዮውን በቀጥታ ከኢንተርኔት የሚያወርደው ቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ስክሪኑ ሰፊ በመሆኑ ከፍ ያለ የምስል ጥራት ይመርጣል። በ480p ለአንድ ሰዓት በግምት ግማሽ ጊጋባይት ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ የሚወስድ ቪዲዮ በ1080p ከ1.5 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። ጥቅል የሚቆጥብ ቤት በካስት ሲያይ በቴሌቪዥኑ ዩቲዩብ ላይ ጥራቱን በእጁ ወደ 480p ማውረድ አለበት፤ በሚራካስት ሲያይ ደግሞ ስልኩ ላይ የመረጠው ጥራት እንዳለ ይቆያል።