ማኅበር ለማስመዝገብ የሚጻፈው ባለአንድ ገጽ ደብዳቤ

ማኅበር ለማቋቋም የሚነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የሚሰጡት ለመተዳደሪያ ደንቡ ነው። በየአንቀጹ ይከራከራሉ፣ ያርማሉ፣ እንደገና ያስጽፋሉ። ሸኚው ደብዳቤ ግን ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሰነዱ ሊገባ ሲል፣ ከሌላ ማኅበር በተገኘ ናሙና ላይ ስምና ቀን በመቀየር ነው። ፋይሉን የሚቀበለው ሠራተኛ ግን መጀመሪያ የሚያነበው ይህንኑ ደብዳቤ ነው። ምን እንደተጠየቀ፣ ማን እንደጠየቀ፣ ከሥሩ ያሉት ወረቀቶችም ምን ምን እንደሆኑ የሚረዳው ከእሱ ነው። የደብዳቤው ቃል ከአባሪዎቹ ጋር ካልተስማማ ማመልከቻው ለእርማት ይመለሳል፤ ወደ ደንቡ ይዘት ሳይገባ ሳምንታት ያልፋሉ።

ደብዳቤው መጀመሪያ ማረጋገጥ ያለበት ትክክለኛው ቢሮ መድረሱን ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሚመለከተው በሁለትና ከዚያ በላይ በሆኑ ክልሎች፣ ወይም በአዲስ አበባ ወይም በድሬዳዋ የሚሠሩ ድርጅቶችን፣ እንዲሁም የውጭ ድርጅቶችን ነው። በአንድ ክልል ብቻ የሚሠራ ማኅበር የሚመዘገበው በዚያው ክልል ሕግ ነው። ዕድር፣ ዕቁብና የሃይማኖት ተቋማት ደግሞ ከነጭራሹ በዚህ አዋጅ አይታዩም። ስለዚህ የሥራ ቦታው በደብዳቤው የመጀመሪያ አንቀጽ ላይ በስም መጠቀስ አለበት። «በመላ አገሪቱ» የሚለው አባባል ለጆሮ ደስ ቢልም፣ ደንቡ «በአዲስ አበባ ከተማና በኦሮሚያ ክልል» ካለ ሁለቱ ሰነዶች ተጋጩ ማለት ነው።

የቢሮው ስምም ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 621/2001 ዘመን ተቆጣጣሪው «የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት ኤጀንሲ» ይባል ነበር። የ2011ዱ አዋጅ «የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ኤጀንሲ» አለው፤ ዛሬ ደግሞ «ባለሥልጣን» ሆኗል። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት ናሙናዎች ግን ከሦስቱም ዘመን የተረፉ ናቸው። በአሮጌው ናሙና ውስጥ ከስሙ የባሰም ነገር አለ። በ2001ዱ አዋጅ ማኅበሩ «የኢትዮጵያ» ወይም «የኢትዮጵያ ነዋሪዎች» ተብሎ ይመደብ ነበር፤ በመብት ጉዳዮች ላይ መሥራት የሚችለው ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የማያገኘው ብቻ ስለነበረ ምደባው ትልቅ ትርጉም ነበረው። ያ ገደብ በ2011 ተነሥቷል። ዛሬ ያንን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ የሚያቀርብ ሰው በተሻረ ሕግ ላይ የቆመ ጥያቄ አቀረበ ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። መስማት የተሳናቸው ልጆች ያሏቸው ሰባት ወላጆች ለሌሎች ወላጆች የምልክት ቋንቋ የሚያስተምር ማኅበር ሊያቋቁሙ ተሰበሰቡ እንበል። የሚሠሩት በአዲስ አበባና በአዳማ ነው። ማኅበር ለማቋቋም አዋጁ የሚጠይቀው አምስትና ከዚያ በላይ አባላትን ነው፤ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ነው። ሰባቱ ስብሰባቸውን አድርገው ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ደንቡን አጸደቁ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ መረጡ፣ የምዝገባውን ጉዳይ እንድትከታተልና እንድትፈርም ለጸሐፊዋ ውክልና ሰጡ።

የመጀመሪያው ደብዳቤያቸው ሁለት ገጽ ሆነ። አንድ ገጽ ሙሉ ልጆቹ የሚደርስባቸውን መገለል ይተርካል። ከዚያ ማኅበሩ እንዲመዘገብ፣ የባንክ ሒሳብ መክፈቻ ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው፣ ለሚገዙት መኪና ከቀረጥ ነፃ እንዲፈቀድላቸው፣ ለክፍለ ከተማውም ቢሮ እንዲሰጣቸው የትብብር ደብዳቤ ይጠይቃል። ግርጌው ላይ ሰብሳቢው ፈርመው፣ ከሳምንት በፊት ያስቀረጹትን ማኅተም አሳርፈውበታል።

ታሪኩ እውነት ነው፤ የሚያሳዝንም ነው። ነገር ግን ባለሥልጣኑ ገንዘብ ለጋሽ አይደለም። የሚያየው ዓላማው ሕጋዊ መሆኑን፣ ስሙ ከሌላ ድርጅት ስም ጋር የማይምታታ መሆኑንና የሚፈለጉት ሰነዶች መሟላታቸውን ነው። ሐተታ በረዘመ ቁጥር ደግሞ በደንቡ ውስጥ የሌለ ዓላማ ሾልኮ ይገባል። እነዚህ ወላጆች በመሐል «ጥናትና ምርምር እናካሂዳለን፣ ትምህርት ቤትም እንከፍታለን» ብለው ነበር፤ ደንቡ ውስጥ ሁለቱም የሉም። መርማሪው የትኛውን ይያዝ? ስለዚህ ዓላማው በደብዳቤው ላይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ቃሉም ከደንቡ እንዳለ ይወሰድ። ታሪኩ በኋላ የፕሮጀክት ሐሳብ ሲቀርብ ሙሉ ቦታ ያገኛል።

አራቱ ጥያቄዎችም ሌላ ችግር ናቸው። ማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነት የሚያገኘው ሲመዘገብ ነው። ከዚያ በፊት የባንክ ሒሳብም፣ መኪናም፣ ቢሮም በስሙ ሊጠየቅ አይችልም፤ የቀረጡ ጉዳይማ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው። አንድ ደብዳቤ አንድ ጥያቄ ብቻ ይያዝ፤ እሱም ምዝገባ ነው።

ማኅተሙም የሚነሣው ከዚሁ ሐሳብ ነው። ያልተመዘገበ ማኅበር በራሱ ስም ማኅተም ሊያሳርፍ፣ የደብዳቤ ቁጥር ሊሰጥ፣ ባለዓርማ ወረቀት ላይ ሊጽፍ የሚችልበት መሠረት የለውም። ደብዳቤው የመሥራቾቹ ነው፤ በነጭ ወረቀት፣ በእነሱ ስም፣ በተወካያቸው ፊርማ ይጻፋል። ዓርማ ካላቸው እንዲመዘገብላቸው ከአባሪዎቹ አንዱ አድርገው ያቀርቡታል። ማኅተም የደብዳቤን ክብደት ይጨምራል የሚለው ልማድ ሥር የሰደደ በመሆኑ ብዙ ሰው ይህን ለመቀበል ይቸግረዋል። እዚህ ቦታ ላይ ግን ማኅተሙ የሚያመጣው ጥያቄ ብቻ ነው።

ፊርማው ደግሞ ከሁሉ የከፋው ስሕተት ነበር። ቃለ ጉባኤው የወከለው ጸሐፊዋን ነው፤ የፈረሙት ሰብሳቢው ናቸው። ሰብሳቢነት የመፈረም ሥልጣን ይሰጣል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው፤ በዚህ ደረጃ ግን ሥልጣኑ የሚመነጨው ሰባቱም ከፈረሙበት ቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። ቀኑም እንዲሁ ይታያል። ስብሰባው ጥቅምት 12 ተደርጎ ደብዳቤው ጥቅምት 9 የተጻፈ ከሆነ፣ ፈራሚዋ በፈረመችበት ቀን ውክልና አልነበራትም ማለት ነው። ናሙናው ቀደም ብሎ ስለሚተየብ ይህ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው።

የታረመው ደብዳቤ ይህን ይመስላል፦

«ቀን፦ ጥቅምት 16 ቀን …… ዓ.ም.
ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን
አዲስ አበባ
ጉዳዩ፦ አገር በቀል ማኅበር እንዲመዘገብልን ስለመጠየቅ
እኛ ስማችን በአባሪው የተዘረዘረ ሰባት መሥራቾች ጥቅምት 12 ቀን …… ዓ.ም. ባደረግነው የምሥረታ ስብሰባ …… የተባለ፣ በአዲስ አበባ ከተማና በኦሮሚያ ክልል የሚሠራ ማኅበር ለማቋቋም ወስነናል። የማኅበሩ ዓላማ መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆችን የምልክት ቋንቋ ማስተማር ነው። ስለሆነም ማኅበሩ በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ተመዝግቦ የምስክር ወረቀት እንዲሰጠን፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን 26 ገጽ ሰነዶች አባሪ በማድረግ በአክብሮት እንጠይቃለን።
ከሰላምታ ጋር
(የተወካይዋ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክና አድራሻ)
አባሪ፦ ቃለ ጉባኤ 3 ገጽ፣ መተዳደሪያ ደንብ 14 ገጽ፣ የመሥራቾች ስም፣ አድራሻና ዜግነት ዝርዝር 1 ገጽ፣ የመታወቂያ ቅጂ 7 ገጽ፣ ዓርማ 1 ገጽ»

ይኸው ነው። የገጽ ቁጥሩ ለምን አስፈለገ የሚል ይኖራል። ወረቀት ከመዝገብ ቤት ወደ ክፍል ኃላፊ፣ ከዚያ ወደ መርማሪ ሲሄድ የአንድ ሰው የመታወቂያ ቅጂ ቢወድቅ፣ «ከመጀመሪያው አልገባም» እና «እዚህ ጠፋ» የሚለውን ክርክር የሚቆርጠው ያ ቁጥር ነው። ሰነዱን የሚያስገባው ሰው ከመነሣቱ በፊት ገጾቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ 26 መሙላታቸውን ቢያይ ይበጃል።

ከመሥራቾቹ አንዱ የውጭ ዜጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ኖሮ ዜግነት ቀይሮ የተመለሰ ትውልደ ኢትዮጵያዊ፣ ጉዳዩ ትንሽ ይለያል። አዋጁ አገር በቀል ድርጅት ማቋቋም የሚችሉት ኢትዮጵያውያን፣ በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆኑ የውጭ ዜጎች፣ ወይም ሁለቱ በጋራ ናቸው ይላል። ስለዚህ ነዋሪነቱን የሚያሳየው ሰነድ በአባሪው ውስጥ ተለይቶ ቢጠቀስ የማይቀረውን ጥያቄ አስቀድሞ ይመልሳል።

አንድ ቀላል የሚመስል ነገር ልጨምር፤ የስም አጻጻፍ። «ብርሃን» እና «ብርሀን»፣ «ማኅበር» እና «ማህበር» ለአንባቢ አንድ ናቸው። በደብዳቤው አንዱ፣ በደንቡ ሌላው፣ በቃለ ጉባኤው ሦስተኛው ከተጻፈ ግን የምስክር ወረቀቱ የሚወስደው አንዱን ነው። ከዚያ በኋላ ባንክ ሲኬድ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሲወጣ፣ ከለጋሽ ጋር ውል ሲፈረም በየመስኮቱ «ይህ የእናንተ ስም አይደለም» የሚል ጥያቄ ይነሣል። የማኅበሩን ስም ከደንቡ ላይ ገልብጦ በሁሉም ሰነድ ላይ ያንኑ መለጠፍ፣ የመሥራቾቹንም ስም እንደ መታወቂያቸው መጻፍ ነው መፍትሔው።

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ። አንደኛው ከአባሪዎቹ ጋር ገብቶ፣ ሁለተኛው ላይ መዝገብ ቤቱ የገባበትን ቀንና ቁጥር ጽፎ ይመልሳል። ያ ቅጂ ቀን መቁጠሪያ ነው፤ አዋጁ ማመልከቻው ተሟልቶ ከቀረበ ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘግብ ያዛል፤ ምዝገባ ከተከለከለም ለባለሥልጣኑ ቦርድ ማመልከት ይቻላል። የገባበት ቀን በእጅ ከሌለ ግን 30ው ቀን ከመቼ እንደሚቆጠር ማስረዳት አይቻልም። ማመልከቻው ለእርማት ከተመለሰ ደግሞ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቀን ቀይሮ እንደገና ማስገባት አይበጅም። አዲስ ደብዳቤ ይጻፍ፤ «በቀን …… በቁጥር …… ባስገባነው ማመልከቻ ላይ እንድናስተካክል የተነገረንን አስተካክለን አቅርበናል» ይበል፣ የታረመውም አንቀጽና ገጽ ይጠቀስበት። መርማሪው 14 ገጽ ደንብ ከመጀመሪያ እንደገና ከማንበብ ይልቅ በቀጥታ ወደ ተባለው ገጽ ይሄዳል።