ዋጋን በኢሜይል ሲጽፉ

አንዲት ተርጓሚ 40 ገጽ ሰነድ እንድትሠራ ተጠየቀች እንበል። «በክፍያው እንስማማለን» ብላ መመለሱ ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ደንበኛው በልቡ የራሱን ቁጥር ይይዛል፣ ቅሬታውም ሥራው ካለቀ በኋላ ይመጣል። እንዲህ ብትጽፍ ይሻላል፦

«ለአንድ ገጽ 300 ብር፣ በጠቅላላው 12,000 ብር ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክስ አልተካተተበትም። ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ ቀሪው ከርክክብ በኋላ ባሉት 10 ቀናት ውስጥ ይከፈላል። ዋጋው አንድ ዙር እርማትን ይጨምራል።»

ስለ ታክሱ የተጻፈው ሐረግ ትንሽ ቢመስልም፣ ለታክሱ ለተመዘገበ ሰው 15 በመቶው 1,800 ብር ነው። ካልተጻፈ ደንበኛው 12,000ው ሁሉን ያጠቃለለ መስሎት ሊከራከር ይችላል።

ደንበኛው «በጀታችን 10,000 ብር ነው» ቢልስ? «አይቻልም» ማለት በሩን ይዘጋል፤ ዝም ብሎ መቀነስ ደግሞ የመጀመሪያው ዋጋ የተጋነነ ነበር ያሰኛል። ዋጋው ሲወርድ ሌላ ነገርም አብሮ መለወጥ አለበት፦

«በጀትዎን ስላሳወቁኝ አመሰግናለሁ። 33 ገጹን በ9,900 ብር፣ ወይም ሙሉ ክፍያው በቅድሚያ ከሆነ 40ውንም ገጽ በ11,000 ብር መሥራት እችላለሁ። የትኛው ይስማማዎታል?»

ለስላሳነቱ ያለው በምስጋናውና በጥያቄው ነው። «ምናልባት» እና «ከተቻለ» ከቁጥሩ አጠገብ ከገቡ ግን ዋጋው ገና ያልተወሰነ ይመስላል፤ ደንበኛውም እንደገና ቅናሽ ይጠይቃል። ከተስማሙ በኋላ የተመረጠውን ዋጋና የክፍያ ቀን በአንድ አጭር ኢሜይል ደግማ ጽፋ፣ ማረጋገጫው ሲደርሳት ሥራውን ትጀምር።